የክፍያ ማስታወሻ ለወላጅ እንጂ ለልጅ አይሰጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የተርም ክፍያ ማብቂያ ሲደርስ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቀሪ ሒሳብ ያለባቸውን ተማሪዎች ስም በክፍል ውስጥ ማስጠራታቸውን ወይም በመገናኛ ደብተር ላይ «ክፍያ አልተጠናቀቀም» ብለው መላካቸውን ስለምሰማ ይህን ልጽፍ ወደድሁ። ዕዳው የወላጅ በመሆኑ ማስታወሻው በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ በወላጅ ስልክ ሊደርስ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ዕዳው በእርግጥ መኖሩ ይጣራ። አባት ወይም አጎት በራሱ ስም ባንክ ያስገባው ገንዘብ የተማሪው ስምና መለያ ቁጥር ካልተጻፈበት የባንኩ መግለጫ ላይ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ለከፈለ ሰው «አልከፈሉም» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ማስታወሻው እስከ የትኛው ቀን የገባው ገንዘብ እንደተቆጠረ መግለጽ አለበት። ለምሳሌ የተርሙ ክፍያ 12,000 ብር ሆኖ ወላጁ 7,500 ብር ከከፈሉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የተከበሩ ወላጅ፣ እስከ ጥር 10 ቀን በሒሳባችን በገባው መሠረት ከ12,000 ብር ውስጥ 7,500 ብር ተከፍሎ 4,500 ብር ይቀራል። ከዚህ ቀን በኋላ ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ቢልኩልን እናመሰግናለን። ቀሪውን እስከ ጥር 30 ቀን ለመክፈል የሚያስቸግር ሁኔታ ከገጠመዎ በሚከተለው ስልክ ምክትል ርእሰ መምህሯን ያነጋግሩ፤ ጉዳዩ በምስጢር ይያዛል።»

እዚህ ላይ ስሙ የሚጻፈው ሰው ማንነት ወሳኝ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ከሆነች ወላጁ ችግሩን በመስኮት፣ ከኋላው ሰልፍ ተሰልፎ፣ ሊናገር ነው፤ ከዚያም በላይ ቀን የማራዘም ሥልጣን ስለሌላት «አለቃዬን ልጠይቅ» ከማለት አታልፍም። የሚመደበው ሰው 4,500 ብሩ በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት መጨረሻ 1,500፣ 1,500 ብር እየሆነ እንዲከፈል ወዲያው መስማማትና ስምምነቱን በጽሑፍ ለሒሳብ ክፍል ማስተላለፍ የሚችል ይሁን። ወረቀቱ ሒሳብ ክፍል ካልደረሰ የተስማማው ወላጅ በሳምንቱ ሌላ ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ያስቀይማል።

የመምህራን ደመወዝ ከዚሁ ክፍያ ስለሚወጣ ትምህርት ቤቱ ያለ ቀነ ገደብ ሊጠብቅ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ወላጆችም ይህን የሚያጡት አይመስለኝም። ነገር ግን የቅጣት ክፍያ ካለ መጠኑና የሚጀምርበት ቀን በዚያው ማስታወሻ ላይ ይጻፍ፤ በስምምነት ለሚከፍሉት ደግሞ አይታሰብባቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ