ስለ ስም፣ ስለ አባባልና ስለ ድምፅ አመዘጋገብ

ሰላም ልጆች፣

ትናንት የቀልድ ቪዲዮዎቻችን መዝገብ ላይ «ጸጋዬ» ብዬ ስፈልግ አራት ክፍል ብቻ ወጣ። ገጸ ባሕሪያችን ጋሽ ጸጋዬ ግን ሰባት ክፍል ላይ አለ። ሦስቱ ላይ «ፀጋዬ» ተብሎ ተጽፏል። ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከእንግዲህ በርዕስም በመግለጫም በ«ጸ» ብቻ እንጻፍ። «ፀጋዬ» ግን አይጥፋ፤ ተመልካች እንደለመደው ስለሚጽፍ «ሌላ አጻጻፍ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ይግባ።

«እኔ ምን አገባኝ ብዬ እንጂ» የሚለውን አባባሉንም አንዳችሁ «ምናገባኝ» ብላችሁ ገጥማችሁታል። መዝገቡ ላይ ለያይታችሁ ጻፉት። ክፍል 5 ላይ እንዳደረገው «እኔ ምን...» ብሎ ሲያቋርጠው ግን የስክሪኑ ጽሑፍ ላይ እንዳቋረጠው ይቅር፤ ቀልዱ እዚያ ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ ቲክቶክ ላይ ስም ካልሰጠነው original sound እንደተባለ ይቀራል። ስሙን የሚያስቀይረን ደግሞ አንዴ ብቻ ስለሆነ ከመቀየራችሁ በፊት ለሌላ ሰው አሳዩ። «አስቂኝ ድምፅ 2» ማንም አይፈልገውም፤ «የጋሽ ጸጋዬ ሳል» ይሁን። ክፍል 6 ላይ ያለው ሳል ከክፍል 2 የተወሰደ ነው፤ አዲስ ስም አትስጡት።