ለሚሚዬ፣ ከዘገየ ሰላምታ ጋር

ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? የእማማ ወገብስ ተሻላቸው? ከፋሲካ ወዲህ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፣ አሁን ግን አንብቢኝ።

"ከሜሪላንዱ ልጅ ጋር ማች አድርገን በሁለተኛው ሳምንት ቀዘቀዘብኝ" ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። እኔና የቨርጂኒያው ልጅ ልንለያይ የነበረው በሰዓት ምክንያት ነው።

ጥር ላይ "ቅዳሜ 3 ሰዓት እንደዋወል" አልኩት። ማታ 3 ሰዓት ማለቴ ነው። እሱ በልጅነቱ ስለሄደ 3 ሲባል የሚመጣለት የነሱ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉሬን ተሠርቼ እስከ 4 ተኩል ተጎለትኩ። ናቀኝ ብዬ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኛሁ። ለካ በኔ 5 ሰዓት ላይ አራት ጊዜ ደውሏል! ጠዋት ሳየው አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ሰዓት እንጽፋለን፤ "ያንተ ቀን 1፣ የኔ ማታ 3" እያልን። በዚህ ተስማምተን መጋቢት ላይ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደወለ። እነሱ በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፣ የኛ አይነቃነቅም። የ8 ሰዓቱ ልዩነት 7 ይሆናል። ስለዚህ የሱ 1 ሰዓት አሁን የኔ ማታ 2 ነው። የኛ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ወደ 3 ይመለሳል። የሱ የምሳ እረፍት ስለማይንቀሳቀስ፣ እኔ ልንቀሳቀስ ብለን ተስማማን። የናንተን ቀጠሮ በማን ሰዓት እንደምታስሩት ከወዲሁ ተነጋገሩ።

የምንደዋወለው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው። በመሃል ያለው ነው የሚከብደው። "ሰላም ነሽ?" ብሎሽ "ሰላም፣ አንተስ?" ስትይው እሱ ተኝቷል። በዚህች ብቻ አንድ ቀን አለቀ ማለት ነው። እኛ ሰላምታውን ትተን የድምፅ መልእክት እንተዋለን። እሱ በእኩለ ሌሊት ሊተኛ ሲል ይልካል፣ ለኔ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ሻይ እየጠጣሁ እሰማዋለሁ። ታዲያ የሚመለስ ነገር ይኑረው። ባለፈው የጎረቤቴ በግ ልብስ ማስጫዬ ጋ መጥቶ ሸሚዜን ሲያኝክ ቀርጬ "ካሳ ልጠይቅ ወይስ ልተወው?" ብዬ ላክሁለት። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ በግ ተከራከርን።

ያንቺው ልጅ በርግጥ ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማወቅ፣ ቀጠሮ ሲሰርዝ እይው። "ዛሬ አልቻልኩም፣ አርብስ?" ካለሽ ሥራ ይዞት ነው። "ቢዚ ነኝ" ብሎ ዝም ካለ ግን የሰዓት ጉዳይ አይደለም፣ ተይው።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እንዳትደውይልኝ፣ ተይዣለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ። በኛው ሰዓት!

ያንቺው ሄኒ