በካርታው ላይ የሚታየው የባሕር ዛፍ ስፋትና በሪፖርታችን የሰፈረው ሄክታር ስለሚለያዩበት ምክንያት

ይድረስ ለክቡራን ደንበኞቻችን፤

የመሬት ሽፋን ካርታችንን ከተረከባችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ ባሕር ዛፍ ተብሎ የተቀለመውን ቦታ በራሳችሁ ስትለኩት ከሪፖርታችን አንሶ በማግኘታችሁ ማብራሪያ ጠይቃችኋል። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ እርማት እንጂ የስሌት ስሕተት አይደለም።

ካርታው የተሠራው ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት በበጋ ካነሣቸው ምስሎች ነው። በዚያ ወቅት ደመናው ገለል ይላል፤ የተሰበሰበው ማሳም ሲደርቅ ባሕር ዛፉ እንደለመለመ ይቆያል። ምደባውን የሚሠራው ራንደም ፎረስት የተባለው ስልት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሳኔ ዛፎችን ያበጃል፤ እያንዳንዱ ዛፍ በዕጣ ከተወሰዱ የመስክ ናሙናዎች ይማርና ለየፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉ ለተሠራበት ለእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ፣ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ምድብም ይጸድቃል። (ስሙ ደን ይሁን እንጂ ከምንለካው ደን ጋር ዝምድና የለውም።)

ውጤቱን የምንመዝነው ለማስተማሪያ ባልዋሉ ነጥቦች ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ ተሳስተናል፦ የአንድን ማሳ ፒክስሎች ከፊሉን ለማስተማር፣ ከፊሉን ለመፈተን ስንጠቀም ጎረቤት ፒክስሎች ስለሚመሳሰሉ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ አምሮ ይታይ ነበር። ዛሬ የመፈተኛ ነጥቦቹን ከመላው አካባቢ በዕጣ አውጥተን ለብቻቸው እናጣራለን።

የተጣራው ኮንፊውዥን ማትሪክስ በሚባል ሠንጠረዥ ይሰፍራል፤ ረድፉ ካርታው የመደበውን፣ ዓምዱ መሬት ላይ የተገኘውን ያሳያል። ለማስረዳት ያህል፣ ከ400 ነጥቦች 360ዎቹ በትክክል ቢመደቡ አጠቃላይ ትክክለኛነቱ 90 በመቶ ነው። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን ብዙው ነጥብ የእርሻ ማሳ ስለሆነ የባሕር ዛፉን ጉድለት ይሸፍነዋል። መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ከሆኑት 40 ነጥቦች ካርታው ያገኘው 24ቱን ብቻ ነው እንበል፤ 10ሩን የተፈጥሮ ደን፣ 6ቱን ማሳ ብሏቸዋል። ስለዚህ ካርታው ያገኘው ከባሕር ዛፉ 60 በመቶውን ነው። በሌላ በኩል ካርታው ባሕር ዛፍ ብሎ ከመደባቸው 30 ነጥቦች 24ቱ እውነት ስለሆኑ፣ ካርታውን ይዞ ባሕር ዛፍ ወደተባሉት ቦታዎች የሚሄድ ሰው በ80 በመቶዎቹ ላይ ባሕር ዛፍ ያገኛል።

ማሳ የተባሉት አብዛኛውን ጊዜ በማሳ ድንበር ላይ በአንድ ረድፍ የተተከሉ ዛፎች ናቸው፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነው ፒክስል ከጎናቸው ካለው ገለባ ጋር ቀላቅሎ ያያቸዋል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደን ካለው የተፈጥሮ ደን ጋር የሚምታቱት ደግሞ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚሁ ምሳሌ ካርታው ከ400 ነጥቦች ባሕር ዛፍ ብሎ የመደበው 30ውን፣ ማለትም 7.5 በመቶውን ሲሆን፣ መሬት ላይ ያለው ግን 40 ወይም 10 በመቶ ነው። የአካባቢው ስፋት 10,000 ሄክታር ቢሆን ቀለሙ ሲቆጠር ወደ 750 ሄክታር ይሰጣል፤ በሪፖርቱ የምንጽፈው ግን 1,000 ሄክታሩን፣ ከግምቱ የስሕተት ወሰን ጋር ነው። ባሕር ዛፉ የት እንዳለ ለማየት ካርታውን፣ ስንት ሄክታር እንደሆነ ለማወቅ ሪፖርቱን እንድትጠቀሙ እንጠይቃለን። ማትሪክሱ በሪፖርቱ አባሪ ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
የካርታ ሥራ ክፍል