“እሺ” ማለት “አምኛለሁ” ማለት አይደለም፦ በኦዲት ሪፖርት ላይ የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም

ለኦዲት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በበቆሎ ጉድለት ላይ የሰጣችሁት ግኝት እንደገና እንዲመረመር ስለመጠየቅ

በቡሬ ዙሪያ የሚገኝ የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ኦዲት ነበር። ይህን የምጽፈው ለምን ተጠየቅን ብዬ አይደለም። በደንብ ስላልጠየቃችሁን ነው።

ሪፖርታችሁ ባለፈው በጀት ዓመት 118 ኩንታል በቆሎ ጎድሏል ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ታኅሣሥ ላይ 2,000 ኩንታል ገዝተን አስገባን። ግንቦት ላይ ሸጠን ስንጨርስ በገዢው ሚዛን የወጣው 1,882 ኩንታል ነው። ሪፖርቱ ግን በዚህ አላበቃም። “የመጋዘን ኃላፊው ጉድለቱን አምነዋል” ብሎ ይቀጥላል። በዚህች አንድ መስመር ምክንያት ሰውዬው ከሥራ ታግደዋል። ደመወዛቸውም ተይዟል።

“አምነዋል” የተባለው ቃል ሲነገር እዚያው ነበርኩ። ጥያቄው የቀረበላቸው በማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የመጋዘን ኃላፊው በሩ አጠገብ ቆመዋል። የላካችሁት ወጣት ገና ሲጀምር፣ “በቆሎው የጎደለው አንተ እጅ እያለ ነው፣ አይደል? ተጠያቂው አንተ ነህ” አላቸው። አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው “እሺ ጌታዬ” አሉ። ልጁም አቀርቅሮ ጻፈ። ሪፖርቱ ሲመጣ ያ “እሺ”፣ “አምነዋል” ሆኖ አገኘሁት።

እናንተም አማርኛ ተናጋሪ ናችሁ። አንድ የጎጃም ገበሬ በአለቃው ፊት “እሺ ጌታዬ” ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋችሁም። ሰምቻለሁ ማለት ነው። ክርክር አልገጥምም ማለት ነው። አንዳንዴም ቶሎ ልውጣ ማለት ነው። ጥያቄው መልሱን ይዞ ከመጣ፣ የተጠያቂው ሥራ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጣልቃ አለመግባቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ የተበላሸው ግን ከዚያ በፊት ይመስለኛል። ቡድናችሁ ገና ሳይመጣ “መጋዘኑን እዩት” የሚል ጥቆማ ደርሶት ነበር። ይህን የነገሩን የቡድኑ አባላት ራሳቸው ናቸው። ጥቆማ መቀበል ጥፋት አይደለም፤ ኦዲተር ጆሮውን መድፈን የለበትም። ችግሩ ጥቆማው መደምደሚያ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን የሚያየው የሚደግፈውን ብቻ ነው። ሙያዊ ጥርጣሬ ደግሞ ሰውን መጠርጠር ብቻ አይደለም፤ የራስን ግምትም መጠርጠር ነው። ሥራችሁን በዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች መሠረት እንደሠራችሁ ሪፖርታችሁ ላይ ጽፋችኋል። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሻሻለው ደረጃ 315 ይህንኑ በግልጽ ያዛል። ኦዲተሩ ግምቱን ወደሚደግፍ ማስረጃ ማዘንበል የለበትም። የሚቃረነውንም መተው የለበትም።

ሰነዱን ያያችሁበት መንገድም እንዲሁ ያዘነበለ ነበር። ከእኛ የጠየቃችሁት የእሳቸው ፊርማ ያለባቸውን የወጪ ደረሰኞች ብቻ ነው። ከነዚያም 14 መርጣችሁ ወሰዳችሁ። የገቢ ደረሰኞቹን ማንም አልከፈታቸውም። ፋይሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ደረሰኞቹ ላይ “እርጥበት” የሚል ዓምድ አለ። ታኅሣሥ ላይ የገባው በቆሎ በአማካይ 17 በመቶ እርጥበት ነበረው። ግንቦት ላይ ገዢው ሲረከብ የለካው 13 በመቶ ነው።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በስሌት ላሳያችሁ። 2,000 ኩንታል በቆሎ 17 በመቶው ውኃ ከሆነ፣ ደረቁ እህል 83 በመቶ ነው፤ 1,660 ኩንታል ማለት ነው። እህሉ ሲደርቅ የሚጠፋው ውኃው ብቻ ነው። 1,660ው እንዳለ ይቆያል። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ያው 1,660 ከጠቅላላው ክብደት 87 በመቶ ይሆናል። 1,660ን ለ0.87 ስናካፍል 1,908 ይመጣል። ስለዚህ አንድ ፍሬ ሳይሰረቅ 92 ኩንታል ይቀንሳል። ከ118ቱ ውስጥ 92ቱ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። እኔንም ዝም ብላችሁ እንድታምኑኝ አልፈልግም። እርጥበቱን ደረሰኙ ላይ የሞሉት ራሳቸው የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። ጉድለት የሚሸፍን ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ከእሳቸው እጅ ያልወጣ ማስረጃ ያስፈልጋል። የእርጥበት መለኪያውን ያዋሰን ዩኒየኑ ነው። ባለሙያቸው በግዢው ሰሞን እዚህ ነበሩ፤ የራሳቸውም መዝገብ አላቸው። ያንን በቀጥታ ከዩኒየኑ ጠይቁ፤ በእኛ በኩል እንዳይመጣላችሁ። ከደረሰኞቹ ጋር ካልገጠመ የኔ ስሌት ይወድቃል። ከገጠመ ደግሞ የእናንተ “አምነዋል” ይወድቃል።

26 ኩንታል አሁንም ይቀራል። እሱንም አድበስብሱት አልልም። ነቀዝ ሊሆን ይችላል። ስንገዛ የመዘንንበት ሚዛን ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ሚዛን ገዝተን በገዢው ሚዛን ነው የሸጥነው። ስርቆትም ሊሆን ይችላል። ስርቆት ከሆነ ግን የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ሰው እጅ እንደነበረ መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ቁልፍ ቢሮ ይቀመጣል። ይህን ማንም አልጠየቀም።

ስለዚህ ባለሙያ ቀይራችሁ ላኩልን። ከመምጣቱ በፊት “ግምቴ ስህተት ከሆነ የትኛው ሰነድ ያሳየኛል?” ብሎ በወረቀት ያስፍር፤ ያንን ሰነድም መጀመሪያ ይክፈት። ኃላፊውን ለብቻቸው አስቀምጦ፣ አንቱ ብሎ፣ “በቆሎው ከገባበት ቀን እስኪወጣ ድረስ የሆነውን ይንገሩኝ” ይበላቸው። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጥ። ያሉትን በራሳቸው ቃል ይጻፍና አንብቦ ያሰማቸው። መዛኙንና ጫኝና አውራጆቹንም ለየብቻ ይጠይቅ። አብረው ከቀረቡ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግማል። ሥራ አስኪያጁም እንደማንኛውም ሰው ጥያቄ ይቅረብላቸው እንጂ አስተናጋጅ ሆነው አይቀመጡ። ሰዎቹ የተናገሩትም ከሰነድ ጋር ይመሳከር። ሰው ጠይቆ ብቻ መደምደም እንደማይበቃ እናንተም ታውቃላችሁ።

ያ እስኪሆን ድረስ “አምነዋል” የሚለው መስመር ከሪፖርቱ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ለቦርዳችንም ግኝቱ በምርመራ ላይ መሆኑን በደብዳቤ አሳውቁልን፤ እገዳውን ሊያነሳ የሚችለው ቦርዱ ነው። ጠቅላላ ጉባኤያችን ኅዳር 14 ቀን ይሰበሰባል። ሪፖርቱ በዚህ መልኩ ከተነበበ፣ በኋላ ብታርሙትም ሰውዬው መንደራቸው ውስጥ ሌባ ተብለው ይቀራሉ። መልሳችሁ ከዚያ በፊት እንዲደርሰን እለምናለሁ።

የገቢ ደረሰኞቹን ዋና ቅጂ ሰብስቤ ኮሚቴው ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። በመጣችሁ ቀን እከፍትላችኋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ የሥራ አመራር ቦርድ