ስለ ዕቃ ቤቱ አጥር ፕሮፎርማ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

ግንበኛው ለ20 ካሬ የብሎኬት አጥር ያቀረበው ፕሮፎርማ ድምሩ 24,520 ብር ይላል። ኮሚቴው እያንዳንዱን መስመር ብዛቱን በነጠላ ዋጋው እያባዛ ደግሞ አስልቶታል።

ብሎኬቱ ልክ ነው። ለአንድ ካሬ 12.5 ስለሚገባ 250 ይበቃል፤ ለሚሰበረው ተጨምሮ 263 ሲሆን፣ በ40 ብር 10,520 ይመጣል። አሸዋው 2 ሜትር ኪዩብ በ2,500፣ የእጅ ዋጋው 20 ካሬ በ250፣ እያንዳንዳቸው 5,000 ናቸው።

ችግሩ ሲሚንቶው ላይ ነው። ብዛቱ «4 ኩንታል» ተብሎ ነጠላ ዋጋው ግን 1,000 ብር ተጽፏል፤ ይህ የባለ 50 ኪሎው ከረጢት ዋጋ ነው። 4 ኩንታል 8 ከረጢት ስለሆነ መስመሩ 4,000 ሳይሆን 8,000 ነው። ማባዛቱ ትክክል ስለሆነ በካልኩሌተር አይያዝም፤ መለኪያውን ከዋጋው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ድምሩ 28,520 ብር ነው። ቫት አልተካተተም፤ ግንበኛው የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶው፣ ማለትም 4,278 ብር፣ ተጨምሮ 32,798 ይሆናል። መመዝገቡን ጠይቀነዋል። ፕሮፎርማውንም አስተካክሎ፣ ማህተም አድርጎበት እስኪያመጣ ቀብድ አንከፍልም።

የእድሩ ኮሚቴ