«ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል»፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ሥራ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትእዛዝ አልፈጸሙም የተባሉ ተማሪዎች ከመቀጣታቸው በፊት ቋንቋ የመረዳት ችግር እንዳለባቸው እንዲታይ ስለመጠየቅ

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በልጄ የመገናኛ ደብተር ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተጻፉልኝ መልእክቶች አብዛኞቹ «ትእዛዝ አይቀበልም»፣ «ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል»፣ «ይችላል፣ ግን ሰነፍ ነው» የሚሉ ነበሩ። እኔም አምኜ ቤት ውስጥ ስቆጣው፣ ጨዋታ ስከለክለው፣ አንዳንዴም ስመታው ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መምህራኑን ለመክሰስ አይደለም፤ እነሱ ያዩት እኔም ያየሁትን ነው፣ ሁላችንም ያየነውን ግን በተሳሳተ ስም ጠራነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝቼ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። መምህርቷ «ቁጥር ሁለትን ሳትሠሩ ቁጥር ሦስትን ሥሩ፤ ደብተራችሁን ከመሰብሰቤ በፊት ስማችሁን ጻፉ» አሉ። ልጄ መጀመሪያ የጎረቤቱን ደብተር ለማየት አንገቱን አሰገገ፤ ልጁ በክንዱ ሲሸፍንበት ጊዜ ቁጥር ሁለትን ሠራ፣ መልሱም ትክክል ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ስም ያልተጻፈበትን ደብተር ለመምህርቷ አስረከበ። «ሁለትን አትሥሩ አላልኩም?» ሲሉት «እሺ» አላቸው። ይህች «እሺ» እንደ ፌዝ ተቆጠረችበትና ሰሌዳው አጠገብ ተንበረከከ።

ያን ቀን ማታ የመምህርቷን ትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት። «ሳትሠሩ» በሚለው ቃል ውስጥ ክልከላውን የተሸከመችው ከግሡ ፊት የተለጠፈችው «ሳ» ብቻ ናት፤ እሷ ካመለጠች የሚቀረው «ቁጥር ሁለት» እና «ሥሩ» ነው፣ ልጄም ያደረገው ይህንኑ ነው። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቀድሞ የሚነገረው መሰብሰቡ፣ ቀድሞ መሠራት ያለበት ግን ስም መጻፉ ነው። ነገሩን በሰማበት ቅደም ተከተል የሚፈጽም ልጅ ደብተሩን ያስረክባል። የኛ ቋንቋ ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ ልጁ ከፊት የተደረደረውን ሁሉ በአእምሮው ይዞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት፤ ልጄን የሚያቅተው ይህ ነው።

ጆሮውን አስመረመርኩት፣ ደኅና ነው ተባለ። በኋላ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ሲያዩት የቋንቋ እድገት መታወክ እንዳለበት ነገሩኝ። ይህ ስያሜ በባለሙያዎች ስምምነት የጸናው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ችግሩ ግን ቀድሞም የነበረና በተለያዩ ስሞች ሲጠራ የቆየ ነው። ልጁ ይሰማል፣ ያስባል፣ ይጫወታል፤ ሆኖም ቋንቋን መረዳትና መጠቀም ከእኩዮቹ እጅግ ይከብደዋል፣ ችግሩም እያደገ ሲሄድ በራሱ የሚለቀው አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም ሲሆን የአስተዳደግ ጉድለት ወይም ሁለት ቋንቋ መናገር አያመጣውም። በአሜሪካና በእንግሊዝ በትምህርት መጀመሪያ ላይ ባሉ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ልጆች ወደ 7 የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይተዋል። በኛ አገርም መጠኑ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ሃምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ልጆች አሉ ማለት ነው፤ ይሁንና አካላቸው ላይ የሚታይ ምልክት ስለሌለ ማንም አይለያቸውም።

«ይችላል፣ ግን ሰነፍ ነው» የተባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ልጄ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ሒሳብ ከሆነ ከክፍሉ ልጆች አያንስም። «አልማዝ ከገዛቻቸው 12 ብርቱካኖች ውስጥ ለወንድሟ የሰጠችው 5ቱን ከሆነ የቀራት ስንት ነው?» ሲባል ግን 17 ብሎ ጻፈ። ያንኑ ጥያቄ «አልማዝ 12 ብርቱካን ገዛች። 5ቱን ለወንድሟ ሰጠች። ስንት ቀራት?» ብዬ ቆራርጬ ሳነብለት 7 ብሎ ለመጻፍ ጊዜ አልፈጀበትም። መቀነስ ይችላል፤ ያቃተው ጥያቄው የተነገረበት ዓረፍተ ነገር ነው።

እምቢተኛ ልጅና ያልገባው ልጅ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ይለያያሉ። እምቢ ያለ ልጅ እምቢ ያለውን ነገር ያውቀዋል፤ ትእዛዙ ቢያጥርለትም ሐሳቡን አይለውጥም። ያልገባው ልጅ አንድ በአንድ ሲነገረው፣ ወይም በእጅ ሲጠቆምለት፣ ወዲያው ይፈጽማል። ትእዛዙ ሲረዝም ግን ግማሹን ብቻ ይሠራል፣ ጎረቤቱን አይቶ ይከተላል፣ የተጠየቀው ሳይገባው «እሺ» ይላል። ጮክ ብሎ መድገም አይጠቅመውም፤ መጀመሪያም ያልያዘው ድምፁን አይደለምና። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እስቲ አሁን ምን እንደምትሠራ በራስህ ቃል ንገረኝ» ወይም «አሳየኝ» ማለት ግን ለመምህሩ አንድ ደቂቃ አይወስድበትም።

በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአፋን ኦሮሞ አፉን ፈትቶ አማርኛ ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ አማርኛው ቢያስቸግረው ያ መታወክ አይደለም። ወላጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ከታናናሾቹ ኋላ እንደቀረ፣ ሲያወራ ቃል እንደሚጠፋው ከተናገሩ ግን ሊመረመር ይገባል። ምርመራውም በውጭ ቋንቋ የተዘጋጀ መለኪያን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገራችን ቋንቋ በመተርጎም ብቻ አይሆንም፤ «ሳትሠሩ»ን የመሰለ ቃል እንግሊዝኛው ውስጥ የለም።

ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ እንዲህ ላሉ ልጆችም ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም አካላዊ ቅጣት ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ አንድ ተማሪ «አይታዘዝም» ወይም «ሰነፍ ነው» ተብሎ ወላጅ ከመጠራቱ በፊት ጆሮው እንዲመረመር፣ መምህሩም በአጭር ትእዛዝና በረጅም ትእዛዝ መካከል ያየውን ልዩነት በጥቂት መስመር ጽፎ ከልጁ ማኅደር ጋር እንዲያያይዝ ለትምህርት ቤቶች መመሪያ ይውረድ። ይህ የመምህሩ ማስታወሻ የባለሙያን ምርመራ አይተካም፤ የትኛው ልጅ ወደ ባለሙያ መሄድ እንዳለበት ግን ይጠቁማል። ሁለተኛው፣ ይህ ችግር በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ትምህርት ውስጥ ከመስማትና ከማየት ችግር እኩል ራሱን ችሎ ይሰጥ፤ የልጄ መምህርት ችግሩ ምን እንደሆነ ስነግራቸው «ስሙን ዛሬ ገና መስማቴ ነው» ብለውኛል።

እኚሁ መምህርት አሁን ለክፍሉ በሙሉ ትእዛዙን አንድ በአንድ እየለያዩ ይናገራሉ፣ በመካከሉም ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ልጄ ወንበር አጠገብ ሲያልፉ የመልመጃውን ቁጥር በጣታቸው ይነኩለታል። ከኅዳር ወዲህ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ስለ አለመታዘዝ የተጻፈልኝ ነገር የለም።

ከሠላምታ ጋር
የአንድ ተማሪ እናት
አዲስ አበባ