ፈገግታው ያቀረበው ተራራ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምየው ከቤት ወጥቶ ሲሄድ እህቱ የድንጋዩ አጥር ሥር ቆማ የምትሸኝበትን ማለቴ ነው። ንግግራቸው ላይ አልገባም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቂበታለሽ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። «ከፊቷ ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ከሜዳው ባሻገር ግዙፍ ተራራ ይታያል። ከላይ ሰማያዊው ሰማይ ተንጣሏል።»

ዕድሜዬን ሙሉ በቅየሳ ሥራ እንጀራ የበላ ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው። ተራራው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ወይስ ሃያ? ሜዳው ሰፊ መሆኑን ስላልሽኝ አመንኩሽ፤ ዓይኔ ግን አልተጓዘበትም። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች በእኩል ድምፅ ስለሚናገሩ ሜዳው፣ ተራራውና ሰማዩ አንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሦስት ሥዕሎች ሆነውብኛል።

«ግዙፍ» የሚለው ቃል ምንም አይለካም። አንባቢ ትልቅነትን የሚያውቀው መጠኑን አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሲያስተያየው ብቻ ነው። ያ ነገር ደግሞ እጅሽ ላይ አለ፤ ወንድምየው ራሱ። የሰው ቁመት ለማንም አይጠፋውም፤ እሱ ደግሞ ከቅርቡ ተነስቶ በመካከሉ አልፎ ወደ ሩቁ የሚሄድ ሰው ነው። መለኪያው በእግሩ እየሄደልሽ አንቺ ቆመሽ ስለ ተራራው ታወሪያለሽ።

እስቲ ውጪና ሞክሪው። እጅሽን ሙሉ በሙሉ ዘርግተሽ ትንሿን ጣትሽን በዓይንሽ ፊት አጋድሚያት። መቶ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ቁመቱ የጣትሽን ውፍረት ያህላል። ሁለት መቶ ሜትር ሲደርስ ግማሹን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ አንድ አሥረኛውን ብቻ። እነዚህን ቁጥሮች ልብ ወለዱ ውስጥ ጻፊ ማለቴ አይደለም፤ ያ የእኔ ዓይነት መዝገብ ይሆናል። አንቺ ግን ልታውቂያቸው ይገባል፤ ምክንያቱም ሰውየው ባነሰ ቁጥር ከላዩ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ። አምስት እርምጃ ላይ ሳለ የኮቱ ቁልፍ በአንድ ክር መንጠልጠሉን ታያለች። መቶ ሜትር ላይ ፊቱን መለየት ያቅታታል፤ አካሄዱ ግን ይቀራል፤ ቤተሰብን ከሩቅ የምናውቀው በአካሄዱ አይደል? ኪሎ ሜትር ላይ አካሄዱም ይጠፋና የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። «ተራራው ግርጌ ደርሶ ዞረና ፈገግ አለላት» ብለሻል። ልጄ፣ በዚህች ፈገግታ ተራራውን ጎትተሽ አጥሩ ላይ አስደገፍሽው! ፈገግታ የሚታየው ከቅርብ ነው። ስለዚህ አንባቢው ሳይታወቀው ተራራውን ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ያቆመዋል፤ ያን ጊዜ ተራራው ጉብታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ግዙፍ» ብለሽ አሥር ጊዜ ብትጽፊ አይመለስልሽም። ሌሎች ገጾችሽንም በዚህ መርምሪያቸው። ሩቅ ያልሽው ነገር ላይ ቅጠል፣ ሽታ፣ የፊት ገጽታ ወይም ሹክሹክታ ካገኘሽ እዚያ ጋ ርቀቱ ፈርሷል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መካከሉ ነው። ጸሐፊዎች አጠገባቸው ያለውን ድንጋይና አድማሱ ላይ ያለውን ተራራ ይወዳሉ፤ በሁለቱ መሀል ግን ገደል ይተዋሉ። መካከሉን ለመሙላት ድምፅን ተጠቀሚ። ድምፅ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው ወደ 340 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው ላይ አንድ እንጨት ፈላጭ አስቀምጪ፤ መጥረቢያው ሲወርድ ትየው፣ «ቷ» የሚለው ግን ዘግይቶ፣ መጥረቢያው ዳግም ሲነሳ ይድረሳት። ወንድምየው በዚህ ሰውዬ አጠገብ ሲያልፍ፣ አንባቢው ምን ያህል እንደራቀ ሳይነገረው ይገባዋል።

አድማሱንም ጠብቂው። ልሙጥ ሜዳ ላይ ቆመሽ ስታዪ፣ ቁመቱ አንቺን የሚያክል ሰው የትም ይቁም የት፣ የአድማሱ መስመር በዓይኖቹ ትክክል ያልፋል። መሬት ላይ ከተቀመጥሽ ግን ደረቱና ራሱ ከመስመሩ በላይ ይወጣሉ። እህቱ እግሯ ዝሎ አጥሩ ሥር ብትቀመጥ፣ እየራቀ ያለው ወንድሟ በድንገት ከአድማሱ በላይ ብቅ ይላል። እኔ ብሆን ይህን ነገር አላልፈውም ነበር።

ተራራውን በተመለከተ፣ ቀለሙን አሳሺው። በመካከል ያለው አየር ብርሃን ስለሚበትን ሩቅ ያለ ጥቁር ነገር እየነጣና እየሰማየ ይሄዳል፤ ጥላና ብርሃኑም ይቀራረባል። ከዝናብ በኋላ አየሩ ሲጠራ ግን ተራራው የቀረበ ይመስላል። አንቺ ደግሞ በዚያው ምዕራፍ ሌሊቱን ዝናብ አዝንበሻልና ወይ ዝናቡን ተዪው ወይ ጭጋጉን።

ሰማዩን «ከላይ» ብለሽ እንደ ክዳን አትድፊው፤ እሱም ቅርብና ሩቅ አለው። አናት ላይ ያለ ደመና ሆዱ ይታያል፣ ተበታትኖም ይቆማል። ወደ አድማሱ ሲወርድ ግን ደመናዎቹ እየጠበቡ፣ እየተደራረቡ፣ በመጨረሻ ቀጭን መስመር ይሆናሉ። ከምድር ጋር የሚያገናኛቸው ደግሞ ጥላቸው ነው። የአንድ ደመና ጥላ ሰውየውን አልፎት ሄዶ ተራራውን ቢወጣ ሜዳውን ለክቶ ይሰጥሻል።

እንዲህ ሞከርኩት፤ ቋንቋው ደረቅ ነው፣ አንቺ ታረጥቢዋለሽ፦

«መዳፏ ሥር ያለው ድንጋይ ገና እርጥብ ነበር። በክር የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እሱ አጥሩን አልፏል። እንጨት ፈላጩ ጋ ሲደርስ ፊቱ ጠፍቶባት ነበር፤ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ መራመዱን ብቻ ታያለች። መጥረቢያው ወረደ፤ ድምፁ ቆይቶ መጣ። የደመና ጥላ ከኋላው ደረሰበት፣ አለፈው፣ እሱ ገና ሜዳው ላይ ሳለ ተራራውን መውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የቱ እሱ፣ የቱ ቁጥቋጦ እንደሆነ መለየት አቃታት። ቀና አለች፤ ከተራራው በላይ ያለው ሰማይ ግማሹ እንኳ አልተሸፈነም።»

ሰማዩን መጨረሻ ያመጣሁት እሷ ቀና የምትለው የምታየው ሲጠፋባት ስለሆነ ነው። ብትፈራ ወይም ብትሮጥ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ንብርብር አይሠራም ነበር፤ የሚሮጥ ሰው የሚያየው እግሩ ሥር ያለውንና የሚሸሽበትን ብቻ ነው፣ መካከሉ ይዘለላል።

ፈገግታውን ጨርሶ አትሰርዢው። አጥሩን ሳይሻገር፣ ቁልፏ ገና ስትታይ አድርጊው። የታረመውን ስትጨርሺ ላኪልኝ።

አባትሽ